ምዕራፍ 6፦ ርካሹ ክሊኒክ ውድ የሚሆነው ለማን ነው?

ሱቅ ገብቶ የጥርስ ሳሙና የሚገዛ ሰው ብዙ ጊዜ «ኮልጌት ስጠኝ» ይላል። ባለሱቁ ሌላ ስም የተጻፈበትን ቢያቀብለውም ሳይከራከር ከፍሎ ይሄዳል። ባዶ የውኃ ፕላስቲክም ከየትኛውም ፋብሪካ ይውጣ «ሃይላንድ» ይባላል። ሰው ለእያንዳንዱ ዓይነት ዕቃ በአእምሮው የሚያስቀምጠው መቀመጫ ጥቂት ነው፤ ቀድሞ የተቀመጠውን ደግሞ በቀላሉ አያስነሣም።

አል ሪስና ጃክ ትራውት የተባሉ አሜሪካውያን የማስታወቂያ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ የሙያ መጽሔት፣ በ1981 ደግሞ በመጽሐፍ ይህንን ሐሳብ አስፋፉት። ስሙንም «ፖዚሽኒንግ» አሉት። እኔ በዚህ መጽሐፍ «ቦታ መያዝ» እለዋለሁ። አንድ ድርጅት በደንበኛው አእምሮ ውስጥ የትኛውን መቀመጫ እንደሚፈልግ ለራሱ የሚጽፈውን አጭር ጽሑፍ ደግሞ «የቦታ ዓረፍተ ነገር» ብዬዋለሁ። ማስታወቂያ አይደለም፤ በር ላይ አይለጠፍም። የቤቱ ሰዎች ምን እንደሚሠሩና ምን እንደማይሠሩ ለመወሰን የሚይዙት ነው።

ምዕራፍ 3 ላይ ደንበኛን በዕድሜውና በገቢው ሳይሆን በገጠመው ችግር መለየት እንደሚሻል አይተናል። ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ ደንበኛው የሚከፍለው ዋጋ ደረሰኙ ላይ ካለው ቁጥር እንደሚበልጥ ተነጋግረናል። በዚህ ምዕራፍ ሁለቱን አጋጥመን አንድ ዓረፍተ ነገር እንጽፋለን።

በርኖስና ሳልባጅ ጃኬት

መንዝ ውስጥ በገበያ ቀን የበግ ጸጉር በርኖስ የያዘ ሰውና ሳልባጅ ጃኬት የከመረ ነጋዴ ጎን ለጎን ተቀምጠው ማየት ይቻላል። ጃኬቱ ርካሽ ነው፤ ብዙ ቀለም አለው፤ ኪስና ዚፕም አለው። ባለ በርኖሱ በዋጋ ልወዳደር ቢል ይከስራል፤ ጸጉሩ ተሸልቶ፣ ተፈትሎ፣ ተሸምኖ እዚህ እስኪደርስ የወሰደው ድካም ከጃኬቱ ዋጋ ይበልጣልና። በውበት ልወዳደር ቢልም ወጣቱ ጃኬቱን ይመርጣል።

በርኖሱ የሚያሸንፍበት ቦታ ግን አለ። በደጋው ውርጭ ከብት ሲጠብቅ የሚያድር፣ ሌሊቱን ሲጓዝ ካፊያ የሚያገኘው፣ ሲመሽ ለብሶት የሚተኛ ሰው ሲመጣ ጃኬቱ ይሸነፋል። ለዚህ ሰው ርካሹ ልብስ ውድ ነው፤ በላዩ ብርድ ልብስ መጨመር አለበትና። የበርኖሱ ባሕርይ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ፊት ለፊቱ የቆመው ሰው ነው። ቦታ መያዝ የሚባለው ይኸው ነው፦ ዋጋችንን ከመቀነስ በፊት በዋጋችን የሚጠቀመውን ሰው መፈለግ።

አንድ የቤተሰብ ክሊኒክ

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን እንሂድ። የምወስደው ክሊኒክ ለማስረዳት በምናቤ ያዋቀርኩት ነው፤ ዋጋዎቹም ለስሌት እንዲመቹ የመረጥኳቸው ናቸው። አባት ለረጅም ዓመታት ጥርስ ያከመ ባለሙያ ነው። ልጁ የጥርስ ሕክምና ተምራ ተመርቃ ከእርሱ ጋር ትሠራለች። እናት ካርድ ታወጣለች፤ ሒሳብም ትይዛለች። ሁለት የማከሚያ ወንበር አላቸው።

ከተማዋ እያደገች ስትሄድ በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው ክሊኒክ እዚያው መንገድ ላይ ተከፈተ። ዕቃ በጅምላ ስለሚገዛ ወጪው ያነሰ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። እነ አባት 4,000 ብር የሚያስከፍሉበትን የጥርስ ሥር ሕክምና እርሱ በ3,000 ይሠራል። የጥርስ ሥር ሕክምና ማለት የታመመውን ጥርስ ከመንቀል ይልቅ ውስጡ ያለውን የተጎዳ ነርቭ አውጥቶ፣ ቀጭኑን ቦይ አጽድቶ መድፈን ነው።

ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚያስበው ዋጋ መቀነስን ነው። ምዕራፍ 5 ላይ እንዳየነው ግን ትንሹ ቤት በዋጋ ፉክክር የሚቆየው ጥሪቱ እስኪያልቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅቱ ወረቀት አንሥታ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመረች።

የመጀመሪያው ረቂቅ እና የስም ልውውጥ ፈተና

የመጀመሪያው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦

«ክሊኒካችን ዘመናዊ መሣሪያና ልምድ ባላቸው ባለሙያዎች፣ ጥራቱን የጠበቀ የጥርስ ሕክምና በተመጣጣኝ ዋጋ ለሁሉም ይሰጣል።»

ይህንን የምንፈትንበት ቀላል መንገድ አለ። የተፎካካሪውን ስም በራሳችን ስም ቦታ አስገብተን እናነበዋለን። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ሆኖ ከቀጠለ የእኛ አይደለም። ከላይ ያለው በማንኛውም ክሊኒክ በር ላይ ሊሰቀል ይችላል። «ለሁሉም» የሚለው ቃል ደግሞ ለማን እንደሆነ ገና እንዳልተወሰነ ይናገራል።

ሁለተኛው ረቂቅ የተሻለ ይመስላል፦ «ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ የቤተሰብ ክሊኒክ ነን።» ይህንን ባለቅርንጫፉ ሊለው አይችልም። ነገር ግን ሌላ ጉድለት አለበት፤ የሚናገረው ስለ ሐኪሞቹ እንጂ ስለ ታካሚው አይደለም። ጥርሱን ይዞ ሌሊቱን ሲያቃስት ያደረ ሰው የክሊኒኩ ባለቤቶች ዘመዳሞች መሆናቸው ምን ይጠቅመዋል? ጥቅም ካለው ጥቅሙን ራሱን መጻፍ ነው ያለብን። ያንን ለማወቅ ደግሞ ካርዱን መክፈት ያስፈልጋል።

መልሱ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ነው

እናትና ልጅ ያለፈውን ዓመት የታካሚ ካርዶች አውጥተው በአድራሻ ይለዩዋቸዋል። እያንዳንዱ ካርድ ላይ ወረዳና ቀበሌ ስላለ አዲስ ጥናት አያስፈልግም። ሁለት ክምር ይወጣል፦ የከተማው ነዋሪና ከሩቅ የሚመጣው። በሁለተኛው ክምር ውስጥ ከመንዞቹ ከሞላሌና ከመሐል ሜዳ፣ እንዲሁም ከግሼ የመጡ ሰዎች ይበዛሉ። ቀጥሎ በየክምሩ ሕክምናውን ሳይጨርስ የቀረው ስንት እንደሆነ ይቆጥራሉ። ቦዩ ጸድቶ ጊዜያዊ መድፈኛ ተደርጎለት ያልተመለሰ ሰው በካርዱ ላይ ቀጠሮው ተጽፎ ከዚያ በኋላ ባዶ ይሆናል። በምሳሌያችን ባዶው የሚበዛው በሁለተኛው ክምር ነው።

ጥርሱን ያስጀመረ ሰው ለምን ይቀራል? ልጅቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ታካሚን ስትቀበል አንድ ጥያቄ ጨመረች።

«እማማ፣ መቼ ነው የሚመለሱት?»

«ነገ ማለዳ ነው ልጄ። ከብቱን ለጎረቤት አደራ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ሁለተኛ እንዲህ ሆኖ አይመቸኝም።»

መልሱ ይኸው ነበር። ከመሐል ሜዳ የሚነሣ ሰው በሞላሌ አልፎ ጣርማበር ላይ ከደሴው አውራ መንገድ ጋር ይገናኛል፤ ከዚያ ወደ ደብረ ብርሃን ይመጣል። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የታመመ ሰው ብቻውን ስለማይመጣ አስታማሚ አለ፤ ማደሪያ አለ፤ ቤት ትቶት የመጣው ሥራ አለ። ለዚህ ሰው የሕክምናው ዋጋ የሚቆጠረው በጉዞ ነው።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። ለታካሚውና ለአስታማሚው የደርሶ መልስ ትራንስፖርት 1,200 ብር፣ የአንድ ሌሊት ማደሪያና ምግብ 800 ብር ነው እንበል። ባለቅርንጫፉ ክሊኒክ የሥር ሕክምናውን በየሳምንቱ በሚሰጥ ሦስት አጭር ቀጠሮ ይጨርሳል። ሦስት ጉዞ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሌሊት፣ 6,000 ብር ይሆናል፤ ከሕክምናው 3,000 ጋር 9,000። ቤተሰቡ ግን ሰውየው በዚያው ጉዞ ሁለት ሌሊት አድሮ በሁለት ተከታታይ ቀን እንዲጨርስ ማድረግ ቢችል፣ ትራንስፖርቱ 1,200፣ ማደሪያው 1,600፣ ሕክምናው 4,000፣ በድምሩ 6,800 ብር ነው። በሕክምናው 1,000 ብር የሚወደደው ክሊኒክ በጠቅላላው 2,200 ብር ረከሰ።

ለደብረ ብርሃን ነዋሪ ግን ይህ አይሠራም። በእግሩ መጥቶ በእግሩ ለሚሄደው ሰው ባለቅርንጫፉ አሁንም በ1,000 ብር ይረክሳል። በርኖሱን የሚፈልገው ሰው ማን እንደሆነ እዚህ ላይ ታወቀ።

ተፎካካሪው ለምን አይቀዳውም?

ጥሩ ቦታ ደንበኛው የሚፈልገው ብቻ አይደለም፤ ተፎካካሪው ልያዘው ቢል የሚጎዳበት መሆን አለበት። ባለቅርንጫፉ ርካሽ የሆነው በምን እንደሆነ እንጠይቅ። ዕቃ በጅምላ ከመግዛቱ ሌላ የሐኪሙን ቀን በአጫጭር ቀጠሮ ከፋፍሎ ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ያደርጋል። ሐኪሞችንም ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ያዘዋውራል። ለአንድ ታካሚ ረጅም ሰዓት ልስጥ ቢል የቀጠሮው ሰንሰለት ይበጠሳል፤ ነገም ያው ሐኪም ይኑር ቢል ዝውውሩ ይቀራል። ሁለቱም የርካሽነቱ ምንጮች ናቸው። ሊቀዳው ይችላል፤ ከቀዳው ግን ዋጋው ይጨምራል።

ቤተሰቡ በአንጻሩ ዛሬ ቦዩን ያጸዳችው ሐኪም ነገም እዚያው እንደምትሆን እርግጠኛ ነው። «ከአባት ወደ ልጅ» የሚለው ጥቅም አሁን ገባን፤ ቁም ነገሩ ዝምድናው ሳይሆን ማግስቱን እዚያው መገኘታቸው ነው።

ሊጠበቅ የማይችል ቃል

ሦስተኛው ረቂቅ በደስታ ተጻፈ፦ «ከመንዝና ከግሼ የሚመጣ ሰው ማንኛውንም የጥርስ ሕክምና በአንድ ጉዞ ይጨርሳል።» አባት አነበበውና ራሱን ነቀነቀ። «ልጄ፣ ጥርሱ መግል የያዘውንስ ምን ልትይው ነው?»

ትክክል ነው። በሕመም ላይ ያለ ነገር ግን ገና ያልመገለ ጥርስ ቦዩ ጸድቶ በአንድ ረጅም ወይም በሁለት ተከታታይ ቀጠሮ ሊደፈን ይችላል። መግል ሲኖር ግን ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ቦዩ ውስጥ መድኃኒት አስቀምጦ ቀናት መጠበቅን ይመርጣል። ሰው ሠራሽ ጥርስም ልኩ ይወሰዳል፣ ይሞከራል፣ ይስተካከላል፤ በመካከሉ የቤተ ሙከራ ሥራ አለ። ፊቱ አብጦ አፉን መክፈት ወይም መዋጥ ያቃተው፣ ትኩሳት የያዘው ሰው ደግሞ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መላክ አለበት። «ማንኛውንም በአንድ ጉዞ» የሚል ቃል ሐኪሟን መዝጋት የሌለባትን ጥርስ እንድትዘጋ ይገፋፋታል። ንግዱን ለማዳን የተጻፈ ዓረፍተ ነገር ታካሚን የሚጎዳ ከሆነ መጣል አለበት።

ታዲያ ምን ቃል መስጠት ይቻላል? የሩቅ ሰው ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ሁለተኛ ጉዞ መኖሩ አይደለም፤ ሳያውቀው መምጣቱ ነው። አስቀድሞ ቢያውቅ ጉዞውን ከገበያ ወይም ከሌላ ጉዳይ ጋር ያጋጥመዋል። ስለዚህ ቃሉ «እንጨርሳለን» ሳይሆን «በመጀመሪያው ቀን እንነግርዎታለን» መሆን ይችላል። ይህ ሁልጊዜ በእጃቸው ያለ ነገር ነው።

አራቱ ክፍሎች

የተለመደው የቦታ ዓረፍተ ነገር አራት ነገር ይይዛል፦ ለማን፣ ምን ዓይነት ቤት፣ ምን ጥቅም፣ በምን ማስረጃ። የቤተሰቡ የመጨረሻ ረቂቅ እንዲህ ሆነ፦

«ጥርሱን ለመታከም ከመንዝና ከግሼ መጥቶ ደጋግሞ መመላለስ ለማይችል ሰው፣ እኛ በመጀመሪያው ቀን በዚህ ጉዞ የሚያልቀውንና የማያልቀውን ለይተን የምንነግር፣ የሚያልቀውንም ሳናሳድር የምንጀምር የጥርስ ክሊኒክ ነን፤ ምክንያቱም የጀመረው ሐኪም ነገም እዚሁ አለ፣ ለመንገደኛ የተያዘ ሰዓት አለን፣ ከሄደም በኋላ ደውለን እንጠይቃለን።»

የስም ልውውጡን ፈተና እንድገመው። ባለቅርንጫፉ የመጀመሪያውን ግማሽ ሊለው ይችል ይሆናል፤ «ምክንያቱም» ከሚለው በኋላ ያለውን ግን ሳይለወጥ ሊለው አይችልም። ማስረጃው ነው ዓረፍተ ነገሩን የእኛ የሚያደርገው።

ተፎካካሪው በስም አለመጠራቱንም ልብ እንበል። ዓረፍተ ነገሩ ለቤት ውስጥ ቢሆንም ቃሉ ወደ ውጭ መውጣቱ አይቀርም። የአገራችን የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ በሕክምና ውስጥ ደግሞ «እነ እገሌ አያውቁም» ማለት ታካሚውን ከማስፈራት በቀር ምንም አያተርፍም።

ጓሳን መዝጋት

አሁን ከባዱ ክፍል መጣ። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድር እንዴት እንደጠበቀው እናስታውስ። የአካባቢው ሕዝብ በቄሮ ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ይዘጋው ነበር። በተዘጋበት ጊዜ ከብት አይገባም፣ ጓሳውም አይታጨድም። ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ሕዝቡ ለቤት ክዳን የሚሆነውን ሣር ያጭዳል። ሣሩ የተረፈው በመዘጋቱ ነው። በየቀኑ ለሁሉም ክፍት ቢሆን ኖሮ በሚያስፈልግበት ቀን ባልተገኘ ነበር።

የክሊኒኩ ሰዓትም እንደዚያ ነው። መንገደኛው ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ የሚደርሰው እኩለ ቀን ገደማ ነው ብንል፣ ከሰዓት በኋላ ከሁለቱ ወንበሮች አንዱ ለእርሱ መዘጋት አለበት። ይህ ማለት ማለዳ ላይ የከተማ ታካሚ «ዛሬ ከሰዓት ልምጣ» ሲል «ነገ ጠዋት ይሁን» ማለት ነው። አንዳንዱ ይቀየምና ወደ ርካሹ ይሄዳል። መንገደኛ ያልመጣ ቀን ደግሞ ወንበሩ ባዶ ይውላል። ይህንን ኪሳራ ለመሸከም ያልፈቀደ ቤት ዓረፍተ ነገሩን ጽፏል እንጂ ቦታውን አልያዘም።

ሌላም የተተወ አለ። ከዚያው ከሰሜን ሸዋ፣ ከመርሐቤቴም ታካሚ መጥራት ያጓጓል። ነገር ግን ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ የሚነሣው መንገድ የጀማን ወንዝ ተሻግሮ በሙከጡሪ ወደ አዲስ አበባ ያመራል። ለዚያ አገር ሰው ደብረ ብርሃን የመንገዱ ላይ ከተማ አይደለችም፤ ስሌታችንም ለእርሱ አይሠራም። «መርሐቤቴ» የሚለው ቃል ረቂቁ ውስጥ ያልገባው በዚህ ምክንያት ነው። የመጣ ይታከማል፤ ሰዓቱና ስልኩ ግን የተደራጀው ለእርሱ አይደለም።

ዓረፍተ ነገሩ ሥራ ሲሆን

ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ደውለን እንጠይቃለን» የሚለውን ብቻ ይዘን እንየው። ጥርስ ሲነቀል ጉድጓዱ ውስጥ ደም ይረጋል፤ ቁስሉ የሚድነው በዚያ በረጋ ደም ሥር ነው። ደሙ ከቦታው ከተነሣ አጥንቱ ይጋለጥና ኃይለኛ ሕመም ይመጣል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከተነቀለ ከሁለት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ያን ጊዜ ታካሚዋ መሐል ሜዳ ቤቷ ናት። ስለዚህ እናት በሦስተኛው ቀን ትደውላለች። የምትጠይቀውም ልጇ ጽፋ የሰጠቻትን ነው፦ ሕመሙ እየቀነሰ ነው ወይስ እየጨመረ? እብጠት አለ? ትኩሳትስ? እየቀነሰ ከሆነ መልካም ነው። እየጨመረ ከሆነ ስልኩን ሐኪሟ ትቀበላለች፤ በቅርብ ያለ ጤና ተቋም ይበቃ እንደሆነ ወይም መምጣት ግድ እንደሆነ ትወስናለች። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለ አንድ ሐረግ እንዲህ የአንድ ሰው የዕለት ሥራ ካልሆነ ባዶ ቃል ነው።

ቤተሰቡ ቦታውን መያዝ መቻሉን በምን ያውቃል? ገቢው ብቻ አይነግረውም፤ ገቢ በብዙ ምክንያት ይወጣል ይወርዳል። ከስድስት ወር በኋላ ያንኑ የካርድ ክምር ደግሞ ማውጣት ነው። ከሩቅ በመጣው ክምር ውስጥ ቀጠሮው ባዶ ሆኖ የቀረው ካርድ አነሰ ወይ? አዲስ ታካሚ «ማን ላከዎት?» ሲባል ከዚያው አገር ሰው ይጠራል ወይ? ባዶው ካርድ ሳይቀንስ የከተማው ታካሚ ብቻ ከሸሸ ቦታው አልተያዘም፤ ወደ ረቂቁ መመለስ ያስፈልጋል። ባለቅርንጫፉ መሐል ሜዳ ላይ ቅርንጫፍ ከከፈተ ደግሞ ስሌቱ ከሥሩ ይፈርሳል፤ ጉዞው ይቀራልና። ያን ጊዜ ሌላ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው።

የዚያችን የመጀመሪያ ታካሚ ጉዳይ እንጨርሰው። ጥርሷ አልመገለም ነበር። ልጅቱ መርምራ፣ «እማማ፣ ዛሬ ከሰዓት አጸዳዋለሁ፤ ነገ ጠዋት ደፍኜ እጨርሳለሁ። ማለዳ ሊሄዱ ነበር፤ ከነገ ወዲያ ማለዳ ቢያደርጉት ሁለተኛ መምጣት አይኖርብዎትም» አለቻት። ሴትዮዋ ጥቂት አሰበችና አስታማሚ ሆኖ ወደ መጣው ልጇ ዞረች፦ «ለጎረቤት ደውልላት፤ አንድ ቀን ጨምሪልን በላት።» ዋጋውን የጠየቀችው ከዚያ በኋላ ነው።